ሰዓቱ ሲደርስ ቀጠሮ የሚሰርዝ ጓደኛ፦ ሰውየውን ሳትነኩ ልማዱን እንዴት ትናገሩታላችሁ

እኛ ጎጃም ላይ ቅር ያለንን ነገር ለጓደኛ ፊት ለፊት መናገር ብዙም አልለመድንም፣ ወይ ሆድ ይፍጀው ብለን እንውጠዋለን ወይ ደግሞ በሾርኒ ወጋ እናደርጋለን፣ «አንቺማ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሻል፣ ያንቺ ጊዜ የት ይገኛል» ምናምን እያልን። ቀጠሮ ልትገናኙ አንድ ሰዓት ሲቀረው የሚሰርዝ ጓደኛ ላይ ግን ሁለቱም አይሰሩም። ዝም ስትሉ እሷ ምንም የተበላሸ ነገር ያለ አይመስላትም፣ በሾርኒ ስትናገሩ ደግሞ መናደዳችሁን ታውቃለች ግን በምን እንደሆነ በትክክል አታውቅም፣ ስቃ ታልፈዋለች ወይ ታኮርፋለች፣ የሚቀጥለው ቀጠሮም እንደ በፊቱ ይቀራል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም ከታች የምለው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። መጨረሻ ሰዓት ላይ የሚመጣው «አልመቸኝም» ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የደረሰ እምቢታ ነው። ስትጋብዟት እምቢ ማለት ከበዳት፣ ይሉኝታ ያዛት፣ እሺ አለች፣ ቀኑ እስኪደርስ ደግሞ እንዴት ልንገራት እያለች ስትጨነቅ ከረመች፣ ከዛ ሰዓቱ ሲደርስ ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ቴክስት ላከች። ይሄ ሁሉም ሰው ላይ ይሰራል አልልም፣ በጣም ብዙ ሰው ላይ ግን ይሰራል። ስለዚህ የምታወሯት ያ እምቢታ ቀደም ብሎ እንዲመጣ ነው እንጂ እሷን ጥፋተኛ ለማስባል አይደለም። ይሄን ከያዛችሁ የምትመርጡት ቃልም የምትመርጡት ሰዓትም ራሱ ይቀየራል።

እዚህ ላይ የማወራው ስትገናኙ ደስ ስለሚላት፣ ስለምትወዳችሁ፣ ችግር ሲመጣ ከጎናችሁ ስለምትቆም ጓደኛ ነው። ጭራሽ መገናኘት የማትፈልግን ሰው ጉዳይ ይሄ መመሪያ አይፈታውም።

አንድ፦ መጀመሪያ ልማድ መሆኑን አረጋግጡ

ሰው ሲናደድ ሶስት ጊዜ የሆነው አስር ጊዜ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ማስታወስ ላይ አትመኩ፣ ቻቱን ክፈቱ። ቴሌግራም ላይ ከሷ ጋር በምታወሩበት ቻት ውስጥ መፈለጊያ አለ፣ እዛ ላይ «ይቅርታ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከዛ «አልችልም»፣ ከዛ «አልመቸኝም»። የቀሩት ቀጠሮዎች አንድ በአንድ ይመጡላችኋል። ለእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ፕላኑ ምን ነበር፣ ሀሳቡን ያመጣው ማን ነበር፣ ስንት ሰዓት ሲቀረው ተነገራችሁ፣ የተሰጠው ምክንያት ምን ነበር። ይሄን ማድረግ ክስ ማዘጋጀት ሊመስላችሁ ይችላል፣ ወረቀቱን ግን ለሷ አታሳዩም፣ ስክሪንሾት አትልኩም፣ ለራሳችሁ ብቻ ነው።

ከዛ የማይቆጠሩትን ሰርዙ። ልቅሶ አይቆጠርም፣ ሰው ሞቶ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። በሽታ አይቆጠርም። እዚህ አካባቢ ደግሞ ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ፣ ትራንስፖርት ሲቆም፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ነው የከረምነው፣ በዛ ምክንያት የቀረውን ሁሉ አውጡት፣ እሱን ከሌላው ጋር ቀላቅላችሁ ከቆጠራችሁት ያልበደለችውን ነው የምትከሷትና ወሬው እዛው ይበላሻል፣ እሷም ትክክል ትሆናለች።

አንድ ብቻ ከቀረ ልማድ የለም፣ ስለዛ አንድ ቀን ብቻ ተናገሩና እለፉ። ሁለት ከሆነ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ሶስትና ከዛ በላይ ከሆነ አሁን የምታወሩት ነገር አለ ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ ያልቀሩትንም ጻፉ። የመጣችባቸውን ቀናት። አንደኛ «ሁልጊዜ ትቀሪያለሽ» እንዳትሉ ያደርጋችኋል፣ ሁለተኛ ደግሞ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው እዛ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፣ እስከ መጨረሻው እሱን ነው የምጠቀመው። አንዷ ደምበጫ ነው የምትሰራው፣ ጓደኛዋ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ናት እንበል። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረው ናቸው፣ የደምበጫዋ ናት ብዙ ጊዜ ሚኒባስ ተሳፍራ የምትሄደው። ቻቱን ስትከፍት አራት የቀሩ ቀጠሮዎች አገኘች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ምሳ ነበር፣ የድሮ ክላስሜቶች ተሰባስበው ሊበሉ፣ የደምበጫዋ መንገድ ላይ አማኑኤል ከተማ ስትደርስ «የኔ ቆንጆ ይቅርታ ዛሬ አልመቸኝም» የሚል መጣ። ሁለተኛው ለጓደኛቸው ሰርግ አንድ አይነት ቀሚስ ሊለኩ ልብስ ሰፊው ጋ የተቀጠሩበት ቀን ነው፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው «ስራ ያዘኝ» አለች። ሶስተኛው ባህር ዳር ሄደው ሊያድሩ ነበር፣ ማለዳ 12 ሰዓት መናኸሪያ ሊገናኙ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ «ራሴን አሞኛል» የሚል ቴክስት ገባ። አራተኛው መንገድ ተዘግቶ የቀረ ነው፣ ይሄን ሰረዘችው። ራስ ምታቱንስ? በሽታ አይቆጠርም ብያለሁ፣ ግን በማግስቱ ስራ ገብታ ስለነበር የደምበጫዋ አልሰረዘችውም፣ ጥያቄ ምልክት አደረገችበት። ትክክል አደረገች፣ ውሸት ነው ብላም አልጻፈችም እውነት ነው ብላም አልዘጋችውም።

ከዛ የመጣችባቸውን ጻፈች። ቤት ቡና፣ መጣች። ቤተክርስቲያን አብረው፣ መጣች። እናቷን ልትጠይቅላት ደምበጫ ድረስ፣ በራሷ ጊዜ ነው የመጣችው። ጎን ለጎን ሲታይ የቀሩት ሶስቱም ብር የሚወጣባቸው ናቸው፣ አንዱ ደግሞ ብዙ ሰው ያለበት ነው፣ ሶስቱንም ያሰበችው የደምበጫዋ ናት። የመጣችባቸው ደግሞ ሁለቱ ብቻ የሆኑባቸውና ብር ብዙም የማይጠይቁ ናቸው። ይሄ ማስረጃ አይደለም፣ ግምት ነው፣ ወሬውን ስትጀምር «ብር ስለሌለሽ ነው አይደል» ብትላት ታዋርዳታለች። ግን ምን ብላ እንደምትጠይቅና መልሱ ሲመጣ በምን ጆሮ እንደምትሰማው ቀድማ አውቃለች።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አስተውሉ። ድሮ የማትቀር የነበረች ጓደኛ በድንገት መቅረት ከጀመረች፣ ስልክም ማንሳት ካቆመች፣ ከእናንተ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ሰው ከራቀች፣ ይሄ ቅሬታ የሚነገርበት ጊዜ አይደለም። ቤቷ ሄዳችሁ «ደህና ነሽ ወይ» ነው የሚባለው፣ ቅሬታው ሌላ ቀን ይደርሳል።

ሁለት፦ እናንተን ምን እንደጎዳችሁ ለዩ

«ተናደድኩ» ብቻ ከሆነ የያዛችሁት እሷ ምን ልታስተካክል እንደምትችል አታውቅም። ቀጠሮው መቅረቱ ነው የከፋችሁ ወይስ መንገድ ላይ ሆናችሁ መስማታችሁ? የትራንስፖርት ብሩ ነው? ሌሎች ሰዎችን ጠርታችሁ ብቻችሁን መቆማችሁ ነው? ለደምበጫዋ ልጅ ያቃጠላት አማኑኤል ላይ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብላ ቴክስቱን ማንበቧ ነበር፣ ሹፌሩን አውርደኝ ማለትም አልቻለችም፣ ማርቆስ ደርሳ እንደገና ተመለሰች። ራሷን ስትጠይቅ ምሳው መቅረቱ ብዙም ግድ አልሰጣትም፣ ጠዋት ቢነገራት ኖሮ ቤቷ ትቀመጥ ነበር። እና የምትጠይቀው ነገር «አትቅሪ» ሳይሆን «ቀድመሽ ንገሪኝ» ሆነ። ይሄ በጣም ትልቅ ልዩነት ነው፣ ምክንያቱም አለመቅረት ማንም ቃል ሊገባው የማይችል ነገር ነው፣ ቀድሞ መናገር ግን ይቻላል።

ሶስት፦ ሰዓቱንና ቦታውን ምረጡ

በቀረችበት ቀን አታውሩት። ያን ቀን እናንተ ተናዳችኋል፣ እሷ ደግሞ አፍራለች፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ወይ ይዋሻል ወይ ይቆጣል። ያን ቀን የምትጽፉት መልስ አጭር ይሁን፣ «እሺ፣ ሰሞኑን እንገናኝና እናወራለን» በቂ ነው። ነጥብ ብቻ መላክ፣ አንብቦ ዝም ማለት፣ ስታተስ ላይ ስለ ታማኝነት ጥቅስ መለጠፍ፣ እነዚህ ሁሉ በሾርኒ መናገር ናቸው።

ግን ደግሞ ብዙ አታቆዩት። ሳምንት ካለፈ በኋላ ስታነሱት «ይሄን ሁሉ ጊዜ በሆድሽ ይዘሽው ነበር?» ትላለች፣ ወሬው ስለ ቀጠሮ መሆኑ ቀርቶ ስለ እናንተ ቂም ይሆናል። ሁለት ሶስት ቀን ጥሩ ነው።

ቴክስት ላይ አይሆንም፣ ቢቻል በአካል ነው፣ ካልተቻለ ስልክ። ሰው ፊትም አይሆንም፣ በተለይ የጋራ ጓደኛ ባለበት። ማህበር ላይ፣ ዝክር ላይ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት «እስኪ ዳኙን» ማለት እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ ለትልቅ ጠብ ሽማግሌ መልካም ነገር ነው፣ ለዚህ ግን ከባድ ነው፣ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሲያያት መከላከል እንጂ መስማት አትችልም። እኔ የምመክረው አብራችሁ እየተራመዳችሁ ማውራትን ነው፣ ጎን ለጎን ስትሄዱ አይን ለአይን መተያየት የለም፣ ዝም ማለትም አይከብድም። እና ለዚህ ብላችሁ የቀጠራችኋት ቀን ራሱ ሊቀር ስለሚችል ብር የማይወጣበት፣ ለሷ ቅርብ የሆነ ቦታ ይሁን፣ ከስራ ስትወጣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቃችሁ ወደ ቤት መሸኘት ይበቃል።

«አንድ የማወራሽ ከባድ ነገር አለ» ብላችሁ ከሁለት ቀን በፊት አትላኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጨነቅ ትከርማለች። እዛው ስትገናኙ «አንድ ያሰብኩት ነገር አለ፣ አሁን ላውራሽ ይመችሻል?» በሏት። አይመቸኝም ካለች ተቀበሉ፣ ሌላ ቀን ትስጣችሁ። ደግሞም ይሄ ራሱ እምቢ ማለት ከእናንተ ጋር እንደሚቻል የምታሳዩበት የመጀመሪያው ነገር ነው።

አራት፦ የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር

ካነጋገር ይፈረዳል ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ፣ እዚህ ጋ ነው። ስለ ባልና ሚስት ጭቅጭቅ ብዙ ዓመት ያጠናው አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ጎትማን ቅሬታና ነቀፋን ይለያቸዋል፣ ቅሬታ ስለሆነው ነገር ነው፣ ነቀፋ ግን ስለ ሰውየው ማንነት ነው። ጓደኛም ላይ ያው ነው። «ቀጠሮ የማታከብሪ ሰው ነሽ» ስትሏት እሷ የምትመልሰው ስለ ማንነቷ ነው፣ ያከበረችባቸውን ቀናት ትቆጥርላችኋለች፣ ልክም ናት።

የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሶስት ነገር ይግባ። የሆነው ነገር ከነቀኑ፣ የሚደጋገመው ምን እንደሆነ፣ እና እናንተ ላይ ያደረገው። የደምበጫዋ እንዲህ አለች እንበል፦

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ቅር እንዳይልሽ። የክላስሜቶቹ ምሳ፣ የቀሚሱ ቀን፣ የባህር ዳሩ፣ ሶስቱም ልንገናኝ ትንሽ ሲቀረን ነው የቀሩት። እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት ነበረው፣ እሱን አልጠራጠርም። ግን ሲደጋገም አየሁትና መንገድ ላይ ሆኜ ስሰማ በጣም እየከፋኝ ነው። ከእንግዲህ ስንቀጣጠር እርግጠኛ ሆኜ መነሳት እያቃተኝ ነው።»

ምን እንዳላለች እዩ። «ቀረሽ» ሳይሆን «ቀሩ» አለች፣ የቀረው ቀጠሮው ነው። ይሄ ማለሳለሻ ብቻ አይደለም፣ መወራት ያለበት ነገር እሱ ስለሆነ ነው። «ሁልጊዜ»፣ «መቼም»፣ «አንድም ቀን» አላለችም፣ እነዚህ ቃላት አንድ ቀን በመጥቀስ የሚፈርሱ ናቸው። «ናቅሽኝ» አላለችም፣ መናቅ በሷ ልብ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ እናንተ ልታውቁት አትችሉም፣ «ከፋኝ» ግን የእናንተ ነው፣ ማንም አይከራከርበትም። «ሁሉም ጓደኞቻችን እንደዛ ነው የሚሉት» አላለችም፣ ይሄኛው ከሁሉም የከፋ ነው፣ ከኋላዋ ስትታማ እንደነበር ነው የምትሰማው። ምክንያቶቹን ደግሞ አልነካችም፣ ራስ ምታቱን እንኳን።

ዓረፍተ ነገሩን ቀድማችሁ ጻፉት፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ «ነሽ» የሚል ካለበት አውጡት። «ቸልተኛ ነሽ፣ ራስ ወዳድ ነሽ፣ ውሸታም ነሽ»፣ ነሽ ካለ ሰውየዋን እየነካችሁ ነው። እንዲህ ስል ሁሉም «ነሽ» ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፣ «ለኔ ትልቅ ሰው ነሽ» ካላችሁማ ይግባ እንጂ።

ጓደኛችሁ አንቱ የምትሉት ትልቅ ሰው ከሆነስ? ይሄም አለ፣ የስራ ባልደረባ፣ የጎረቤት ጋሼ፣ የማህበር እትዬ። ያው መንገድ ነው፣ መግቢያው ብቻ ይረዝማል፣ «ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና አንድ ነገር ላንሳ» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፣ እና ሶስት ቀን ከመቁጠር የቅርቡን አንዱን ብቻ ጠቅሶ «ሰሞኑን እንዲህ እየሆነ ነው» ማለት ይሻላል። ትልቅ ሰው ፊት ቀን መቁጠር እንደ ምርመራ ነው የሚሰማው።

አምስት፦ ተናግራችሁ ከጨረሳችሁ ዝም በሉ

ይሄ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ተናግራችሁ ስትጨርሱ ዝምታው ያስጨንቃችሁና «ግን ችግር የለም፣ እኔም አንዳንዴ እቀራለሁ፣ እርሺው» ትላላችሁ፣ ያላችሁትን በሙሉ መልሳችሁ ትወስዱታላችሁ። አትውሰዱት። «ምን እየሆነ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ጠብቁ።

ከዛ የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው።

«ቅዳሜ እኮ እናቴ መጥታብኝ ነው፣ ባህር ዳሩ ጊዜ ደግሞ የምሬን አሞኝ ነው» ብላ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ትከላከላለች። እዚህ ወጥመድ ውስጥ አትግቡ። አንዱን ምክንያት መመርመር ከጀመራችሁ፣ «በማግስቱ ግን ስራ ገብተሽ ነበር» ካላችሁ አለቀ፣ ልማዱ ተረስቶ ስለ አንድ ራስ ምታት ትጨቃጨቃላችሁ። «አምንሻለሁ፣ እያንዳንዱ እውነት ነው። እኔ እያልኩ ያለሁት ሶስቱንም ሲቀርብ ነው የሰማሁት» ብላችሁ መልሷት። አንዴም ሁለቴም መመለስ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ድምፃችሁን ሳትጨምሩ።

«አንቺስ ባለፈው ዓመት ጥምቀት ጊዜ አልቀረሽም?» ካለች እውነት ከሆነ እውነት ነው በሉ። «አዎ ቀርቻለሁ፣ ስለሱም እናውራ፣ መጀመሪያ ግን ይሄን እንጨርስ።» መካድ ምንም አይጠቅምም።

«እሺ በቃ ይቅርታ፣ አይደገምም» ብላ ወዲያው ከዘጋችው ደስ አይበላችሁ። ቶሎ የመጣ እሺ ግብዣውን ስትቀበል ያለችው እሺ ራሱ ነው፣ ይሉኝታ ነው ያመጣው። «አመሰግናለሁ፣ ግን እንዳይደገም ቃል እንድትገቢልኝ አይደለም የፈለኩት፣ ምን ቢሆን ይቀልሻል?» ብላችሁ ክፈቱት።

ካለቀሰች ቁሙ፣ አጽናኑ፣ ቅሬታችሁን ግን ውሸት ነበር አትበሉ። ሌላ ቀን ትቀጥላላችሁ።

አምስተኛው እውነቱን ስትነግራችሁ ነው። በምሳሌያችን የማርቆሷ ትንሽ ዝም ካለች በኋላ እንዲህ አለች፦ «ደሞዝ እየጠበቅኩ ነው እኮ፣ አንቺ ስትጠሪኝ እምቢ ማለት አልችልም፣ እስከዛ አገኛለሁ እያልኩ እጠብቃለሁ፣ ካላገኘሁ ምን ልበልሽ። ለቤትም የምልከው አለ።» እዚህ ላይ «እና ለምን አልነገርሽኝም?» አትበሉ፣ ለምን እንዳልነገረቻችሁ አሁን እየነገረቻችሁ ነው። «እኔ እከፍልልሽ ነበር» ደግሞ ወዲያው አይባልም፣ እፍረቷን ትጨምሩባታላችሁ። «ስለነገርሽኝ ደስ አለኝ» ይበቃል።

እውነቱ ግን ሁሌ ብር አይደለም። አንዷ ባሏ ወይ አባቷ ማምሸት አይፈቅዱላትም፣ ይሄን መናገር ያሳፍራታል። ሌላዋ ብዙ ሰው ያለበት ቦታ መግባት ይጨንቃታል፣ ልብስ ለብሳ በር ላይ ደርሳ ነው የምትመለሰው። አንዳንዱ ደግሞ ለሁለት ሶስት ሰው በአንድ ቀን እሺ ብሎ መጨረሻ ላይ የሚመርጥ ነው፣ ይሄኛው የእምቢታ ችግር አለበት፣ ግን የሚቀረው ደጋግሞ የእናንተ ቀጠሮ ከሆነ ማወቅ አለባችሁ።

ስድስት፦ የሚቆጠር ስምምነት

«ከእንግዲህ እንጠነቀቃለን» ስምምነት አይደለም፣ መቼ እንደፈረሰ አይታወቅም። ስምምነት ማለት ሰዓት ያለው ነገር ነው። ደምበጫና ማርቆስ ያሉት ልጆች የተስማሙት ይሄን ነው፦

አንደኛ፣ ቀጠሮ ሲያዝ «እሺ» ብቻ ሳይሆን «እንጃ» ማለትም ይቻላል። እንጃ ያለችበትን ቀን የደምበጫዋ ያልተያዘ አድርጋ ትቆጥረዋለች፣ አትከፋም፣ ማባበልም የለም። ይሄ የመጨረሻው በጣም አስፈላጊ ነው፣ «ኧረ ነይ በናትሽ፣ ሞቼ እገኛለሁ» እያላችሁ እንጃውን ወደ እሺ ካዞራችሁት እናንተ ናችሁ የሚቀር ቀጠሮ የፈጠራችሁት። ምግብ ላይ ብሉልኝ ጠጡልኝ ስንል ያደግን ስለሆንን ግብዣ ላይም እጃችን አያርፍም፣ እዚህ ግን ማረፍ አለበት።

ሁለተኛ፣ መቅረት ካለ ከቀኑ በፊት ያለው ማታ 2 ሰዓት ድረስ ይነገራል። ለምን ማታ 2 ሰዓት? የደምበጫዋ ጠዋት ነው የምትነሳው፣ ከዛ በፊት ከሰማች ምንም አይጠፋባትም። እናንተ ባንድ ከተማ ከሆናችሁና በባጃጅ የምትገናኙ ከሆነ እዛው ቀን 6 ሰዓት ሊበቃ ይችላል። ሰዓቱን የሚወስነው እናንተ ከቤት የምትወጡበትና ብር የምታወጡበት ጊዜ ነው። ቴክስቱ ላይ ምክንያት መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ «ነገ አልሆንም» ይበቃል። ምክንያት ስትጠይቁ ነው ራስ ምታት የሚመጣው።

ሶስተኛ፣ ለጊዜው ብር የሚወጣበትን ፕላን የማርቆሷ ናት የምትጠራው፣ ሲመቻት። የደምበጫዋ የምትጠራው ቤት ቡናና የእግር መንገድ ነው። ይሄኛው የነሱ ጉዳይ ነው፣ የእናንተ ጓደኛ ችግር ማምሸት ከሆነ ቀን ቀን ተገናኙ፣ ሰው መብዛት ከሆነ ለሁለት ተገናኙ።

ከእናንተም የሚጠበቅ ነገር ይኑር፣ አንድ ወገን ብቻ ግዴታ የተጣለበት ስምምነት ቅጣት ነው። የደምበጫዋ የገባችው ቃል «ቀድመሽ ከነገርሽኝ አላኮርፍም፣ በሾርኒም አልናገርም» ነው። የመጀመሪያው ቀድሞ የተነገረ «ነገ አልሆንም» ሲመጣ ይሄን ቃል መጠበቅ ከባድ ነው፣ እንደገና ቀጠሮ ቀርቶባችኋል እኮ። ግን ያ ቴክስት በሰዓቱ ከመጣ ስምምነቱ እየሰራ ነው፣ «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፣ ሌላ ቀን» ብላችሁ መልሱ። እዛ ላይ ካኮረፋችሁ በሚቀጥለው ወደ መጨረሻ ሰዓት ትመለሳለች።

ሰባት፦ ከዛ በኋላስ

የሚቀጥሉትን ሶስት አራት ቀጠሮዎች ተመልከቱ። የምታዩት ስንቴ ቀረች የሚለውን ሳይሆን መቼ ነገረቻችሁ የሚለውን ነው። መቅረቱ ያው ሆኖ መናገሩ ወደፊት ከመጣ ተሳክቷል። እንጃ ማለት ከጀመረች በጣም ተሳክቷል። በሌላ በኩል ደግሞ ጭራሽ ቀጠሮ መያዝ ካቆመች፣ ሁሉንም ነገር «እስኪ እናያለን» ካለች፣ ፈርታችኋለች ማለት ነው፣ ቤቷ ሂዱና ሳትጠሩ ቡና ጠጡ፣ ስለ ቀጠሮ ምንም አታንሱ።

እንደገና መንገድ ላይ ሆናችሁ ቢነገራችሁ፣ አንዴ ከሆነ በሁለት ሶስት ቀን ውስጥ አጭር አድርጋችሁ አንሱት፣ «ማታ 2 ሰዓት ያልነው አልሆነም፣ ሰዓቱ ከብዶሽ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነበር?» ብላችሁ። አንዳንዴ ስምምነቱ ነው የተሳሳተው፣ ማታ ደሞዝ መግባቱን የማታውቅ ሰው ማታ መወሰን አትችልም፣ ያኔ ሰዓቱን ቀይሩት።

ሁለትና ሶስት ጊዜ ከተደገመ ግን ሁለተኛው ወሬ የመጀመሪያው ድግግሞሽ አይደለም። ያኔ እሷ ምን ታድርግ የሚለው አልቋል፣ እናንተ ምን እንደምታደርጉ ነው የምትናገሩት። «እወድሻለሁ፣ ጓደኛዬ ነሽ። ከአሁን በኋላ ግን ላንቺ ብዬ ሚኒባስ አልሳፈርም፣ ማርቆስ ለራሴ ጉዳይ ስመጣ እደውልልሻለሁ፣ ከተመቸሽ እንገናኛለን።» ይሄን በንዴት ካላችሁት ማስፈራሪያ ይሆናል፣ በረጋ ድምፅ ካላችሁትና በትክክል ካደረጋችሁት ግን እናንተም መናደድ ታቆማላችሁ፣ ምክንያቱም የሚቀር ነገር የለም። ሰርግም ከሆነ ከሌሎች ጋር ሂዱ፣ እሷ ከመጣች መጣች፣ ካልመጣች ሚዜው አይጎድልም። ቀሚስ እንድታሰፋ፣ ቀድሞ የሚከፈል ነገር እንድትይዝ፣ እቃ እንድታመጣ የሚጠይቅ ኃላፊነት አትስጧት።

ይሄን ካላችሁ በኋላ ለሌላ ጓደኛ ሄዳችሁ አታውሩት። ማርቆስም ሆነ ደምበጫ ትንሽ ከተማ ነው፣ ከናንተ አፍ ሳይሆን ከሰው አፍ ከሰማችው እስካሁን ስለ ልማዱ ያወራችሁት ሁሉ ስለሷ እንደተወራ ይቆጠራል።